ያው ±30 ለምን አንዴ 100 ዓመት፣ አንዴ 340 ዓመት ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ከአንድ ቁፋሮ ሁለት የከሰሉ የእህል ፍሬዎች ለራዲዮካርቦን ልከን ነበር። ከታችኛው ንብርብር የወጣው 2700±30 ተባለ፤ ካሊብሬት ሲደረግ ከ905 እስከ 806 ቅ.ል.ክ. ሆነ። ከላይኛው የወጣው 2450±30 ነው፤ ካሊብሬት ሲደረግ ግን ከ754 እስከ 411 ቅ.ል.ክ. ድረስ ተዘረጋ። የስህተት ወሰኑ እኩል ሆኖ ሳለ ይኼ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ካሊብሬሽን ባይደረግስ ምን ይጎድላል? ሁለተኛውን እንደገና ላስለካው?»

ምላሽ፦

አያስለኩት። ገንዘብዎን ለሌላ ናሙና ያቆዩት፣ የትኛው እንደሚሻል መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። ላብራቶሪው ሁለቱንም ፍሬዎች እኩል በጥንቃቄ ነው የለካቸው። ልዩነቱ የመጣው ከመሣሪያው አይደለም። ፍሬዎቹ በበቀሉበት ዘመን ከነበረው አየር ነው።

ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ አለብኝ። 2450 የሚለው ቁጥር ዓመት ይመስላል እንጂ ዓመት አይደለም። በፍሬው ውስጥ ምን ያህል ካርቦን 14 እንደቀረ የሚናገር ልኬት ነው፤ ዓመት የሚል ልብስ ስለለበሰ ብቻ ሁላችንንም ያሳስተናል። ይህን ልኬት ወደ እውነተኛ የቀን መቁጠሪያ ዓመት መተርጎም ነው ካሊብሬሽን የሚባለው።

ካርቦን 14 የሚሠራው ከላይ፣ ከባቢ አየር ውስጥ ነው። ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር አየሩን ሲመታ ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። ኒውትሮኑ ናይትሮጅንን ያገኝና ወደ ካርቦን 14 ይቀይረዋል። አዲሱ ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ አብሮ ያስገባዋል። እንስሳ ተክሉን ይበላል፣ ሰው ሁለቱንም ይበላል። ስለዚህ በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ከአየሩ ጋር ሂሳቡን እያወራረደ ይኖራል።

መጠኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ከአንድ ትሪሊዮን የካርቦን አተሞች ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ካርቦን 14 የሚሆነው። ያም ቢሆን ዘላቂ አይደለም፤ ቀስ እያለ ተመልሶ ናይትሮጅን ይሆናል። ከነበረው ግማሹ ለመጥፋት 5730 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። የእርስዎ የእህል ዛላ ታጭዶ ሲደርቅ ከአየር መውሰዱ ቆመ፣ መጉደሉ ግን ቀጠለ። ሰዓቱ የተነሳው ያን ቀን ነው።

ላብራቶሪው ታዲያ ምን አደረገ? መጀመሪያ ፍሬውን አጠበ። በአሲድ፣ ቀጥሎ በአልካሊ፣ እንደገና በአሲድ። የአልካሊውን ደረጃ አንድ ጊዜ ቆመው ቢያዩት አይረሱትም። ንጹሕ የነበረው ፈሳሽ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ ወፍራም ቡና ይጠቁራል። ያ ጥቁረት ፍሬው ሳይሆን አፈሩ ነው፤ ከሌላ ዘመን የበሰበሰ ነገር ውሃ ይዞት ወርዶ ፍሬው ውስጥ የሰረገ ነው። ፈሳሹ ጥርት እስኪል ድረስ ይደጋገማል። ከዚያ ፍሬው ተቃጥሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙ ደግሞ በብረት ዱቄት ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ተገናኝቶ ግራፋይት ይሆናል። የሚቀረው ካርቦን አንድ ሚሊግራም ያህል ነው፣ የእርሳስ ጫፍ ስብራት የሚያህል ጥቁር ነገር። እሱ አክስለሬተር ውስጥ ይገባና ካርቦን 14 አተሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ከእርስዎ ላይኛ ፍሬ ላይ የተገኘው ውጤት ይህ ነው፦ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው መጠን 73.7 በመቶ ቀርቷል። ከታችኛው ደግሞ 71.5 በመቶ። ላብራቶሪው በትክክል የለካው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው፤ F የቀረው መጠን፣ t ደግሞ የራዲዮካርቦን ቁጥሩ ነው፦

```
t = -8033 × ln(F)
-8033 × ln(0.737) ≈ 2450
-8033 × ln(0.715) ≈ 2700
```

ይህች ቀመር ሁለት ነገር በውስጧ ደብቃለች። አንደኛ፣ 8033 የመጣው 5568 ዓመት ከሚለው ከድሮው ግማሽ ዕድሜ ነው። ዛሬ 5730 ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። ግን በ1950ዎቹ የታተሙት ውጤቶች ሁሉ በድሮው ስለተሰሉ፣ እንዳይደባለቅ ተብሎ ቁጥሩ በስምምነት እንዳለ ቀረ። በዚህ ብቻ 3 በመቶ ልዩነት አለ። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ቀመሯ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በየትኛውም ዘመን እኩል ነበር ብላ ታስባለች። ቆጠራውም የሚጀምረው ወደ ኋላ ከ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ሪፖርቱ ላይ «ቢፒ» የሚለው ይኼው ነው፤ ከ«አሁን» በፊት፣ «አሁን» ማለት ደግሞ 1950። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ወደ ሌላ አቆጣጠር መቀየር ካስፈለገ ከካሊብሬሽን በኋላ ይቀየር እንጂ በፊት አይነካ።)

አየሩ እኩል ነበር የሚለው ግምት የሞኝ ግምት አልነበረም። ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1949 ዘዴውን ሲያቀርቡ ዘመናቸው በታወቁ ነገሮች ሞክረውት ነበር። ከግብፅ መቃብሮች የወጣ እንጨት፣ ቀለበቱ የተቆጠረ ዛፍ። በዚያን ጊዜ የመለኪያው የስህተት ወሰን ሰፊ ስለነበር ሁሉም ነገር የተስማማ መሰለ። ሊቢም በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። መለኪያው እየጠራ ሲሄድ ነው ነገሩ የተጋለጠው። ሆላንዳዊው ሄሰል ደ ቭሪስ በ1958 የአየሩ ካርቦን 14 ከዘመን ዘመን ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳየ። የጥንት ግብፅ ናሙናዎችም በጥራት ሲለኩ ከታሪኩ በብዙ መቶ ዓመታት ያነሱ ሆነው ወጡ።

ለምን ከፍ ዝቅ ይላል? ኮስሚክ ጨረር ወደ ምድር ሲመጣ ሁለት ጋሻ ያገኘዋል። አንዱ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ነው፣ ሌላው ፀሐይ የምትነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ። ፀሐይ ስትረጋጋ ጋሻዋ ይሳሳል፣ ብዙ ጨረር ይገባል፣ ብዙ ካርቦን 14 ይመረታል። የመግነጢሳዊው መስክ ሲዳከምም እንደዚያው። በዚያ ላይ ውቅያኖስ ካርቦንን ይውጣል፣ መልሶም ይተፋል። ስለዚህ «ፍሬው ሲጀምር ስንት ነበረው?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዘመን የራሱ መልስ አለው።

መልሱን የመዘገበልን ዛፍ ነው። የዛፍ ቀለበት የሚያስደንቅ ባሕርይ አለው፦ በአንድ ዓመት ተሠርቶ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ከአየር ጋር አይገናኝም። ዛፉ ሺህ ዓመት ቢቆምም የመሃሉ ቀለበት ሰዓቱ የተነሳው ከሺህ ዓመት በፊት ነው። በካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴንስ ላይ ከ4000 ዓመት በላይ የኖሩ ጥዶች አሉ። ሃንስ ሱስ በ1960ዎቹ የእነሱን ቀለበት እየቆነጠረ ለካ። የቀለበቱን ትክክለኛ ዓመት በመቁጠር ያውቀዋል፣ የራዲዮካርቦን ቁጥሩን ደግሞ በመለካት ያገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የወጣው መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም። ትልቅ ቅስት ነበረው፣ በቅስቱ ላይ ደግሞ ትናንሽ ጥምዝምዞች። አንዳንድ ሰዎች ጥምዝምዞቹን የልኬት ስህተት ብለው ነበር። በኋላ ከአውሮፓ ወንዞች ደለል የወጡ የባሉጥ ግንዶች ተለክተው ያንኑ ጥምዝምዝ አሳዩ። በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዛፍ፣ በሌላ ላብራቶሪ ያው ነገር ከወጣ የአየሩ ታሪክ ነው ማለት ነው።

ዛሬ የምንጠቀምበት ኩርባ ኢንትካል20 ይባላል፣ በ2020 የወጣ ነው። ወደ ኋላ 55,000 ዓመት ይሄዳል። የእርስዎ ናሙናዎች ያሉበት ክፍል ሙሉ በሙሉ በተቆጠሩ የዛፍ ቀለበቶች ላይ የቆመ ስለሆነ የኩርባው አስተማማኝነት አያሳስብዎት። ለደቡብ ንፍቀ ክበብ የራሱ ኩርባ አለ፤ እዚያ ባሕሩ ስለሚበዛ የአየሩ ካርቦን 14 በጥቂቱ ያንሳል።

አሁን ወደ ሁለቱ ፍሬዎችዎ እንምጣ።

ወረቀት ይያዙና በግራ በኩል ወደ ላይ የራዲዮካርቦን ቁጥሩን፣ በታች ከግራ ወደ ቀኝ የቀን መቁጠሪያውን ዓመት ያስቀምጡ። ኩርባው ከግራ ከፍታ ወደ ቀኝ ዝቅታ ይወርዳል። የታችኛውን ፍሬ ሲያገኙ 2700 ላይ በአግድም ይሂዱ። ±30 ማለት ከ100 ዕድል በ68ቱ እውነተኛው ልኬት እዚያ ወሰን ውስጥ አለ ማለት ነው። 95 እንዲሆን እጥፉን ይወስዳሉ፦ ከ2640 እስከ 2760፣ የ120 ስፋት ያለው ቀበቶ። ቀበቶው ኩርባውን የሚያገኘው ኩርባው በመደበኛ ፍጥነት በሚወርድበት ቦታ ነው። ስለዚህ 120ው የራዲዮካርቦን ዓመት ወደ 100 የሚጠጋ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ሆነ። ቀላል ነው።

ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲሄዱ፣ ከ800 ቅ.ል.ክ. ግድም ጀምሮ፣ ኩርባው ድንገት ገደል ይሆናል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የራዲዮካርቦኑ ቁጥር ከመቶ በላይ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ለረጅም ጊዜ ተረጋግታ ነበር፣ አየሩ በካርቦን 14 እየበለጸገ ሄደ። እዚያ ገደል ላይ የወደቀ ናሙና ባለዕድል ነው፤ ወሰኑ በጣም ይጠብለታል።

ከገደሉ ግርጌ ግን ሜዳ አለ። ከ750 እስከ 400 ቅ.ል.ክ. ድረስ ኩርባው ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ በአመዛኙ ተኝቷል። እኛ ዘንድ «የሃልሽታት ሜዳ» ይባላል፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የብረት ዘመን ባህል ስም። የእርስዎ 2450 ያረፈው ልክ እዚህ ላይ ነው። ቀበቶው በአግድም ሲሄድ ኩርባውን አንድ ቦታ አይነካውም፤ አብሮት ይተኛል። 340 ዓመት የሆነው ለዚህ ነው።

እንዴት ሜዳ ሊሆን ቻለ? ሁለት የሚያፈሱ ጀሪካኖች ያስቡ። ቀዳዳቸው እኩል ነው። አንዱ ቀድሞ ተቀመጠ፣ ግን ሲጀምር ትንሽ በዛ ያለ ውሃ ነበረው። ሁለተኛው ዘግይቶ መጣ፣ ሲጀምር ደግሞ ጎደል ያለ ነበር። ሁለተኛው በተቀመጠበት ሰዓት የመጀመሪያው አፍስሶ አፍስሶ ልክ እሱ ደረጃ ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኩል እየጎደሉ ይሄዳሉ። ዛሬ መጥተው ቢለኩ ሁለቱም አንድ ናቸው። የትኛው ቀድሞ እንደተቀመጠ ከውሃው መጠን ብቻ ማወቅ አይቻልም።

በቁጥር ይኸው፦ ካርቦን 14 በ83 ዓመት 1 በመቶ ይጎድላል። በ340 ዓመት 4 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በሜዳው ዘመን ደግሞ ያ የበለጸገ አየር ቀስ እያለ ወደ ቦታው ሲመለስ የጎደለው መጠን ወደዚያው ይጠጋል። በ750 ቅ.ል.ክ. የታጨደ እህል በብዙ ጀምሮ ብዙ ጎደለበት፣ በ420 ቅ.ል.ክ. የታጨደው በትንሽ ጀምሮ ትንሽ ጎደለበት። ሁለቱም ዛሬ 73.7 በመቶ አካባቢ ላይ ተገናኙ። ላብራቶሪው የስህተት ወሰኑን ወደ ±15 ቢያወርድልዎት እንኳ ናሙናው ከሜዳው ላይ አይነሳም። ሁለት ነገሮች በእውነት እኩል ከሆኑ የቱንም ያህል በጥራት ቢለኩ እኩል ናቸው።

ሪፖርቱን በጥሞና ካዩት ደግሞ 754–411 ወጥ ክልል ሳይሆን በቁርጥራጭ የተከፈለ ሊሆን ይችላል። እነዚያ የኩርባው ትናንሽ ጥምዝምዞች ናቸው። እባክዎ መሃሉን እንዳይወስዱ። ይህን የምለው እኔ ራሴ ስላደረግሁት ነው። በጀማሪነቴ ጊዜ ልክ እንደ እርስዎ ሰፊ ክልል መጣልኝና መሃሉን ይዤ «በ580 ቅ.ል.ክ. ገደማ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ቁጥር ከዚያ በኋላ በሁለት ሌሎች ጽሑፎች ውስጥ እንደ እርግጥ ነገር ተጠቅሶ አየሁት። ኋላ ከዚያው ጉድጓድ የወጣ የሸክላ ዕቃ ሲጠና ንብርብሩ ከዚያ በብዙ አሥርት ዓመታት የሚቀድም ሆነ። እርማት ጻፍኩ፣ ግን የመጀመሪያው ቁጥር አሁንም ይዞራል። ክልሉ 340 ዓመት ከሆነ የሚጻፈው 340 ዓመት ነው። መሃሉ ከዳሩ የበለጠ እውነት የመሆን መብት የለውም።

ካሊብሬሽን ጭራሽ ባይደረግስ ለሚለው፣ ሁሉም የሚያውቀውን የበረዶ ሰው ልውሰድ። ኤትዚ ይባላል። በ1991 መስከረም በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር ላይ፣ በአልፕስ ተራራ ከበረዶ ውስጥ ወጣ። ከአካሉ የተወሰዱ ናሙናዎች ዙሪክና ኦክስፎርድ ውስጥ ተለኩ፣ ሲጣመሩ 4550 ቢፒ አካባቢ ሆኑ፤ የስህተት ወሰኑም 20 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። አሁን አንድ ሰው በየዋህነት 1950ን ቢቀንስ 2600 ቅ.ል.ክ. ያገኛል። በዚህ ስሌት ኤትዚ የጊዛ ታላቁ ፒራሚድ በተሠራበት ዘመን ዙሪያ የኖረ ሰው ይሆናል።

ካሊብሬት ሲደረግ ግን ከ3370 እስከ 3100 ቅ.ል.ክ. መሃል ይወድቃል። ከ500 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። ፒራሚድ ቀርቶ የግብፅ የመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት ገና አልተመሠረተም ነበር። በእጁ የነበረው የመዳብ መጥረቢያ ትርጉም አብሮ ይለወጣል፤ መዳብን ማን ቀድሞ አቀለጠ፣ ከማን ማን ተማረ የሚለው ክርክር ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እዚህም ቢሆን ኩርባው ስለሚጠማዘዝ፣ ያ 20 ዓመት ብቻ የነበረው ወሰን ወደ 270 ዓመት ሰፍቶ፣ ያውም በሦስት ቁራጭ ተከፍሎ ነው የመጣው። እጅግ በጥራት የተለካ ሰው ነው፤ ሆኖም በየትኛው ቁራጭ ውስጥ እንደሞተ ራዲዮካርቦን ብቻውን አይነግረንም።

ስህተቱ ለሁሉም ዘመን እኩል ቢሆን ኖሮ አንድ ቋሚ ቁጥር ደምረን እንገላገል ነበር። አይደለም። ኤትዚ ዘንድ ከ500 ዓመት በላይ ያጎድላል። የእርስዎ ታችኛ ፍሬ ዘንድ 2700 ሲቀነስ 1950 የሚሰጠው 750 ቅ.ል.ክ. ነው፣ እውነቱ ደግሞ ቢያንስ ከ50 ዓመት በላይ ይቀድማል። ላይኛው ዘንድ 500 ቅ.ል.ክ. ይሰጣል፣ ይህም እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ያልተካሊበረ ቁጥርን ከታሪክ መጽሐፍ ዓመት ጋር ማነጻጸር በሁለት የተለያዩ ሜትሮች የተለኩ ጨርቆችን እንደ መስፋት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ላይኛውን ንብርብር ምን እናድርገው?

መጀመሪያ በእጅዎ ያለውን ነፃ መረጃ ይጠቀሙ። ላይኛው ከታችኛው በላይ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ትልቅ መረጃ ነው። ኦክስካል የሚባለው ፕሮግራም ቅደም ተከተሉን ከነገሩት በሂሳቡ ውስጥ ያስገባዋል፦

```
Plot()
{
  Sequence()
  {
    Boundary("Start");
    R_Date("Lower", 2700, 30);
    R_Date("Upper", 2450, 30);
    Boundary("End");
  };
};
```

ቀድሞ የሚጻፈው የታችኛው፣ ማለትም አሮጌው ነው። እውነቱን ለመናገር በእነዚህ ሁለት ናሙናዎች ብቻ ብዙ ለውጥ አይመጣም፣ ክልሎቻቸው ከመነሻው አይደራረቡምና። ነገር ግን ከላይኛው ንብርብር በላይ ሌላ ንብርብር ካለና ከሜዳው ማዶ፣ ከ400 ቅ.ል.ክ. በኋላ የሚወድቅ ውጤት ከሰጠ፣ በመሃሉ ደግሞ ሦስት አራት ናሙናዎች ካሉ፣ እርስ በርሳቸው መገፋፋት ይጀምራሉ። ቅደም ተከተሉ የተረጋገጠ መሆን አለበት ታዲያ። አይጥ ቆፍራ ፍሬ አውርዳ ከሆነ ፕሮግራሙ ውሸቱን ተቀብሎ ጠበብ ያለ፣ የሚያምር፣ የተሳሳተ ክልል ይሰጥዎታል። ቅደም ተከተሉና ልኬቶቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚያስጠነቅቅ የመጣጣም ቁጥር ከውጤቱ ጋር ይወጣል፤ ከ60 በታች ከወረደ ቆም ብለው ንብርብሩን ይመርምሩ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን እንጨት ነው። ሜዳውን የሚያሸንፈው ነጠላ ነጥብ ሳይሆን ቅርጽ ነው። ቀለበቱ የሚቆጠር አንድ ምሰሶ ካገኙ፣ ለምሳሌ 120 ቀለበት ያለው፣ ከእሱ ላይ በየ20 ቀለበቱ አንዳንድ ናሙና ይወሰዳል። በናሙናዎቹ መካከል ስንት ዓመት እንዳለ ያለ ምንም ጥርጥር ይታወቃል። ስለዚህ ስድስቱ ልኬቶች የተናጠል ቁጥሮች መሆናቸው ይቀርና አንድ አጭር የኩርባ ቁራጭ ይሆናሉ። ያን ቁራጭ በኢንትካል ላይ እያንሸራተቱ የሚገጥምበትን ቦታ መፈለግ ነው። የውስጠኞቹ ቀለበቶች ያንን የ800 ቅ.ል.ክ. ገደል ከነኩ ነገሩ አለቀ፤ ምሰሶው ቦታው ላይ ይቆለፋል፣ ወሰኑም ወደ ጥቂት አሥርት ዓመታት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ሜዳው ውስጥ ከሆነ ግጥሚያው ይላላል፣ ግን ከአንድ ፍሬ ሁልጊዜ ይሻላል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የበለጠ ስለታም ነገር ተገኝቷል። አንዳንድ ጊዜ ከፀሐይ በሚመጣ ከባድ የቅንጣት ፍንዳታ የአየሩ ካርቦን 14 በአንድ ዓመት ውስጥ ዘሎ ይወጣል። የታወቀው የ774/775 ዓ.ም. ዝላይ ነው፣ ጃፓናዊቷ ፉሳ ሚያኬና ባልደረቦቿ በ2012 ያሳተሙት። ሌላ ዝላይ በ993 ዓ.ም. አለ። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ላንስ ኦ ሜዶስ በሚባለው የቫይኪንጎች ሰፈር፣ በብረት መሣሪያ የተቆረጡ እንጨቶች ላይ ይህን የ993 ዝላይ አገኙት፤ ከዚያ ቀለበት እስከ ቅርፊቱ ቆጠሩ፣ 28 ዓመት ሆነ። ዛፉ የተቆረጠው በ1021 ነው። ክልል የለውም፣ ዓመቱ ይኸው ነው። ለእርስዎ የሚያስደስተው፣ በሜዳው እምብርት ላይም፣ በ660 ቅ.ል.ክ. ገደማ፣ እንዲህ ያለ ዝላይ አለ። በዚያ ዘመን የቆመ ዛፍ ካገኙ ቀለበት በቀለበት መለካት ዋጋ አለው።

እንጨት ስል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ይመጣል፣ ካሊብሬሽን የማያርመው ነገር ነውና። ራዲዮካርቦን የሚነግርዎት ቀለበቱ የበቀለበትን ዓመት ነው፤ ምሰሶው የተተከለበትን አይደለም። ከምሰሶው መሃል የወጣ ከሰል ከቤቱ በመቶ ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቅርፊቱ ያለበትን ጎን ይፈልጉ። ቅርፊት ከሌለ የውጪው ቀለበት ስንት እንደተጠረበ አይታወቅም፣ ያንን በግልጽ ይጻፉት። እህል መላክዎ በዚህ በኩል ትክክለኛ ምርጫ ነበር፤ እህል የአንድ ክረምት ነገር ነው። በተመሳሳይ ዓሣ አዘውትሮ የበላ ሰው አጥንት ከባሕሩ አሮጌ ካርቦን ይወስዳልና ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል፣ ለዚያ የተለየ እርማት ያስፈልጋል። ብክለትም እንዲሁ ነው። በእርስዎ ፍሬ ላይ 1 በመቶ አዲስ ካርቦን ቢቀላቀል ውጤቱ በ30 ዓመት ያህል ብቻ ወጣት ይሆናል። ያው 1 በመቶ 40,000 ዓመት ባለው ከሰል ላይ ቢገባ ግን 33,000 አካባቢ አድርጎ ያወጣዋል፣ ብዙ ያልቀረለት ነገር ላይ ስለሚጨመር። ያ የጠቆረ የአልካሊ ፈሳሽ ለዚህ ነው የሚደፋው።

ስለዚህ ገንዘቡን እንዲህ ያውሉት። ከላይኛው ንብርብር የተቃጠለ ምሰሶ ወጥቶ ከሆነ፣ ቅርፊቱ ያለበትን ቁራጭ አፈሩን ሳያራግፉ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለው ያስቀምጡ። ቀለበቱን የሚቆጥር ሰው ያግኙ፣ ከ60 በላይ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጪ አምስት ስድስት ናሙና ይላኩ። ምሰሶ ከሌለ ከላይኛው በላይ ካለው ንብርብር ሌላ የእህል ፍሬ ይፈልጉ። ሪፖርትዎ ላይ ደግሞ ካሊብሬት የተደረገውን ክልል ብቻ ሳይሆን 2450±30ን ራሱን፣ የላብራቶሪውን የናሙና መለያ ቁጥርና የኩርባውን ስም አብረው ያትሙ። ኩርባው ነገ ይሻሻላል፤ ልኬቱ ካለ ማንም ሰው እንደገና ሊያሰላው ይችላል።